ማስታወቂያው መቼ ይቁም?

ሐይቅ ከተማ ተቀምጦ በፌስቡክ ጋቢ የሚሸጥ ነጋዴ አንዱን በ2,000 ብር ቢሸጥ፣ የዕቃው ዋጋና ማጓጓዣው 1,500 ብር ቢሆን፣ 500 ብር ይቀረዋል። ስለዚህ ለማስታወቂያ ያወጣው እያንዳንዱ ብር ቢያንስ የ4 ብር ሽያጭ ካላመጣለት ይከስራል።

በ3,000 ብር ማስታወቂያ 6 ትእዛዝ ቢመጣ ሂሳቡ የተካካሰ ይመስላል። ሁለቱ ገዢዎች ሳይከፍሉ ቢቀሩ ግን ከአራቱ ጋቢ የሚተርፈው 2,000 ብር ብቻ ነው፤ 1,000 ብር ጎድሏል።

የሚቆጠረው ላይክና «ስንት ነው?» የሚል መልእክት ሳይሆን እጅ የገባ ገንዘብ ነው። የማስታወቂያው ክፍያ በዶላር ስለሆነ፣ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሂሳቡ በየሳምንቱ መታየት አለበት። የሦስት ጋቢ ትርፍ፣ 1,500 ብር፣ ወጥቶ አንድም ክፍያ ካልገባ ማስታወቂያውን ማቆም ይሻላል።