ሲዲህን ሸጠህ አካውንት የገዛኸው ወንድሜ፣ ምን እንደገዛህ ታውቃለህ?

ከአምቦ ወደ ነቀምት ስትሄዱ ጌዶ ላይ ወርዳችሁ ሻይ ከጠጣችሁ፣ ከሻይ ቤቱ ብዙም ሳትርቁ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አታጡም። ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ጎማው የተላጠ ጆይስቲክ፣ ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉበት። ከእንዲህ ዓይነት ቤቶች የአንዱ ባለቤት የሆነ ወጣት ባለፈው ያጫወተኝን ልንገራችሁ።

ስድስት ሲዲ ነበረው። «ሲዲ ድሮ ቀረ» ብለውት ሁሉንም ሸጠና በገንዘቡ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ «ከሃያ በላይ ጌም ያለበት አካውንት» ገዛ። ሻጩ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ላከለት፣ ልጁም ጌሞቹን ለማውረድ አዲስ አበባ ድረስ ማሽኑን ይዞ ሄደ። ለሦስት ወር ያህል ሠራበት። አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑን ሲያበራ ግን በጌሞቹ ምስል ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ታየች። ጌሞቹ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ግን አይከፈቱም። ሻጩም ስልኩን አያነሳም።

«ተሰረቅኩ» አለኝ። እኔ ግን ከዚያ የከፋ ነገር ነው የምለው፦ የተሰረቀበት ነገር መጀመሪያውኑ የእሱ አልነበረም። የሻጩም አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ አጭበርባሪ አይደለም፣ «ግዛ» የሚል ቁልፍ አስቀምጦ የማይሸጠውን ስለሚሸጠው ንግድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሠራል። ሲዲ ስትከት ፕሌይስቴሽን 4 የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ሲዲው ውስጤ አለ?» ጌሙን ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ሲዲው እንደ ቁልፍ ያገለግላል። ማን እንደሆንክ፣ የት እንዳለህ፣ ሲዲውን ከማን እንደገዛህ ግድ የለውም። ለጎረቤትህ ብታውሰው እዚያም ይሠራል፣ ብትሸጠው ለገዢው ይሠራል።

ከኦንላይን መደብር የወረደ ጌም ግን ሁለት ነገር ነው፦ አንዱ ፋይሉ፣ ሌላው ፈቃዱ። ፋይሉ ያንተ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ ፈቃዱ ግን ከአካውንቱ ጋር የታሰረ ነው። አንድ አካውንት አንድ ፕሌይስቴሽን 4 ብቻ «ፕራይመሪ» አድርጎ መመዝገብ ይችላል። በዚያ ማሽን ላይ ማንም ሰው ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይችላል። በሌላ ማሽን ላይ ግን የአካውንቱ ባለቤት ራሱ ገብቶ፣ ኢንተርኔት ተገናኝቶ መሆን አለበት። የአካውንቱ የመጀመሪያ ባለቤት በድረ ገጽ ገብቶ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ሁሉንም ማሽኖች ከርቀት መሰረዝ ይችላል። ከዚያ ያንተ ማሽን ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜ ቁልፏ ትመጣለች። የጌዶው ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ያንን አካውንት ሻጩ ለስንት ሰው እንደሸጠው እግዜር ይወቀው።

«ታዲያ ከአጭበርባሪ አልገዛም፣ ራሴ አካውንት ከፍቼ ከራሱ ከመደብሩ እገዛለሁ» ትሉ ይሆናል። እንሞክረው። የሶኒ መደብር በይፋ ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ አካውንት ስትከፍቱ «አገሬ አሜሪካ ነው» ወይም «ዱባይ ነው» ብላችሁ ነው የምትጀምሩት፣ ከዚያም የዚያን አገር የስጦታ ካርድ ከዘመድ ወይም ከነጋዴ ትገዛላችሁ። ውሉ ግን የምትኖሩበትን አገር በትክክል እንድትናገሩ ይጠይቃል። ማለትም ገንዘባችሁን በሐቅ ከፍላችሁም ውሉን ከመጀመሪያው ቀን አፍርሳችኋል። አካውንቱ ቢዘጋባችሁ አቤት የምትሉበት ደጅ የለም።

እሺ፣ ይህንንም እንለፈው። አሜሪካ የሚኖር ዘመድ በራሱ ካርድ፣ በራሱ ስም፣ በሕጋዊ መንገድ ገዛ እንበል። አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ መደብሩ ሲዘጋስ?

መደብር ሲዘጋ በአንድ ቀን አይሞትም፣ በሦስት ደረጃ ነው የሚሞተው። መጀመሪያ መሸጥ ያቆማል። ኒንቴንዶ የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ መደብሮቹን መጋቢት 27 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ ዘጋ፣ ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360 መደብርን ሐምሌ 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ዘጋ። በዚህ ደረጃ የገዛ ሰው እንደገና ማውረድ ይችላል፣ አዲስ ሰው ግን መግዛት አይችልም። በዲጂታል ብቻ ወጥተው ወደ ሌላ ማሽን ያልተሻገሩ ጌሞች ከዚያች ቀን ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ የሚገዙበት ቦታ የለም።

ሁለተኛው ደረጃ እንደገና ማውረድ ሲቆም ነው። ያኔ ያለህ ነገር ሃርድ ዲስክህ ላይ ያለው ብቻ ነው። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ይሞታል፤ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ያጠፋውን ሃርድ ዲስክ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ፈቃዱን የሚያረጋግጠው ወይም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቨር ሲጠፋ ነው። ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የሚለውን የመኪና ጌም ከ2014 ጀምሮ ሲሸጥ ቆይቶ ሰርቨሩን መጋቢት 31 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. አጠፋው። ጌሙ ለብቻ ለመጫወትም ሰርቨር ይፈልግ ነበርና ሙሉ በሙሉ ሞተ። ከዚያም አልፎ ኩባንያው ከገዢዎች አካውንት ላይ ፈቃዱን ማንሳት ጀመረ። ሰዎች ከፍለው የገዙት ነገር ከዝርዝራቸው ውስጥ ወጣ።

ለእኛ ሰፈር ቅርብ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ፦ ፊፋ። ኢኤ የተባለው ኩባንያና የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ውላቸው ሲያበቃ፣ ኢኤ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. አዲሱን ጌም በሌላ ስም ሊያወጣ ሲል ፊፋ 23ን እና ከዚያ በፊት የነበሩትን ከኦንላይን መደብሮች አነሳቸው። መደብሩ አልተዘጋም፣ ማሽኑም አላረጀም፤ ሁለት ድርጅቶች በስም አልተስማሙም፣ በቃ። ዛሬ የፊፋ 23 ፈቃድ ከመደብሩ ልግዛ ብትል አታገኝም። አምቦ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የፊፋ 23 ሲዲ ግን ያ ውል መፍረሱን እንኳን አልሰማም። ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፣ ይሠራል፣ ልጆቹም ይጫወቱበታል።

ኢንተርኔትን እንጨምርበት። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት መቆየቷን ማን ይረሳል? «ፕራይመሪ» ባልሆነ ማሽን ላይ ያለ ፈቃድ በእንዲህ ዓይነት ቀን ዋጋው ዜሮ ነው። ሲዲው ግን መብራት ብቻ ነው የሚፈልገው።

የሚከራከሩኝን አውቃለሁ። «ሲዲ ይጫራል፣ ይሰረቃል፣ ከውጭ ማስመጣቱም ውድ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ግን የተጫረ ሲዲ አንድ ሲዲ ነው፤ የተዘጋ አካውንት ሃያውንም ጌም ነው። የተሰረቀ ሲዲ ሌባውን ትፈልጋለህ፤ የተነሳ ፈቃድ ግን ወሳጁ ውሉን ያዘጋጀው ራሱ ነው።

ሲዲም ቢሆን ሁሌ አያድንም፣ ይህን ካልተናገርኩ እኔም አጭበርባሪ ነኝ። የ«ዘ ክሩ» ሲዲ ዛሬ ቡና ማስቀመጫ ነው። የ2025ቱ ኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ በውስጣቸው ጌሙ የሌለ፣ ማውረጃ ቁልፍ ብቻ የሆኑ ካርዶች ይዞ መጥቷል፤ በሳጥን የሚሸጥ ፈቃድ ማለት ነው። አዲሱ ቀጭን ፕሌይስቴሽን 5 ሲዲ ማንበቢያው ተነቃይ ስለሆነ መጀመሪያ ስትገጥመው በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ጥያቄው «ሲዲ ነው ወይስ ዲጂታል?» ሳይሆን «ሌላ ሰው ሳይፈቅድልኝ ይሠራል?» ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለሀብትነት ግዙፍነት ባለው ነገር ላይ የሚገኝ ከሁሉ የሰፋ መብት ነው ይላል፤ ባለቤቱ ይጠቀምበታል፣ ይሸጠዋል፣ ይሰጠዋል፣ ያወርሰዋል። ሲዲ ይህን ሁሉ ያሟላል። ፈቃድ ከእነዚህ ውስጥ የሚሰጥህ «ተጠቀም»ን ብቻ ነው፣ እሱንም እስኪነሳ ድረስ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ታዲያ በብር፣ በአገር ውስጥ፣ በአደባባይ «ጌም እሸጣለሁ» እያለ ፈቃድ የሚያከራይ ነጋዴ ለምን አይጠየቅም? ካሊፎርኒያ ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጭ ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ሳያሳውቅ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም በሕግ ከልክላለች። እኛም ቢያንስ ቃሉን በትክክል እንዲጠሩት እንጠይቅ፦ ኪራይ ከሆነ ኪራይ ይባል።

ጩኸት ዋጋ የለውም አትበሉኝ። ሶኒ በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. የፕሌይስቴሽን 3 መደብርን ሊዘጋ መሆኑን አስታውቆ፣ ተጫዋቾች ሲጮሁ በወሩ ሐሳቡን ቀይሯል።

እስከዚያው ግን ለቤት ባለቤቶች አንድ ፈተና ልስጣችሁ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን ከኢንተርኔት ንቀሉ፣ አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሩ፣ በእሱ ገብታችሁ ጌሙን ክፈቱ። ካልተከፈተ አትክፈሉ። ከተከፈተም ዛሬ ተከፈተ ማለት እንጂ ነገም ይከፈታል ማለት እንዳልሆነ እወቁ፤ ዋጋውንም እንደ ኪራይ ተደራደሩ። ለዘወትር እንጀራችሁ የሚሆነውን አንድ ሁለት የእግር ኳስ ጌም ደግሞ በሲዲ ያዙ።

የጌዶው ልጅ አሁን እንደገና ሲዲ እየፈለገ ነው። ከሸጣቸው ስድስቱ አንዱን እዚያው ከተማ ሌላ ቤት ውስጥ አገኘው። እየሠራ ነው። ሊገዛው ቢጠይቅ ባለቤቱ «አልሸጥም» አለው። ባለቤት ማለት እንዲህ ነው፤ «አልሸጥም» ማለት የሚችል።