ኮኔክሽኑ ደህና ነው፤ የታመመው ብራውዘሩ ነው

ጋቦዴ ውስጥ ቢሮ ወይም ሱቅ ያለን ሰዎች ስንገናኝ፣ ከምንዛሪ ቀጥሎ የምናማርረው ኢንተርኔትን ነው። «ገጹ አልከፍት አለኝ፣ ሰነዱ ሳይገባ ዋለ፣ ኮንቴይነሩ ላይ አንድ ቀን ተጨመረ» እንባባላለን። ከዚያ የሚመጣው ሐሳብም የታወቀ ነው፦ ወርሃዊ ጥቅሉን ከፍ እናድርገው። እኛ ግን ጥቅል ለመጨመር ከመሄዳችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ብራውዘሩ ላይ አሳልፉ እንላለን። ጅቡቲ ከባሕር በታች የተዘረጉ በርካታ የኢንተርኔት ገመዶች የሚያርፉባት ከተማ ናት። መስመር አይቋረጥም ማለታችን አይደለም፤ ይቋረጣል። ሲቋረጥ ግን የሚያጠቃው ሁሉንም ነው እንጂ አንዱን ኮምፒውተር ብቻ አይደለም።

መለየት ከባድ አይደለም። ያንኑ ገጽ፣ በዚያው ዋይፋይ፣ በስልካችሁ ክፈቱት። ስልኩም ላይ ከዘገየ ችግሩ መስመሩ ወይም ራሱ ድረ ገጹ ነው፤ ሌላ ገጽ ብትሞክሩ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስልኩ ላይ ቶሎ ከፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከተንቀራፈፈ ግን ጥርጣሬው ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራል። ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው ዊንዶውስ ላይ cmd ከፍቶ ይህን ይጻፍ፦

```
ping 8.8.8.8
```

አራት መልስ ይመጣል። እዚህ ብዙዎቹ ማሽኖች በፈረንሳይኛ ስለሆኑ በየመስመሩ temps= የሚል ታያላችሁ። አራቱም ከተመለሱና ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ መስመሩ እየሠራ ነው። አንዱ ከጠፋ፣ ወይም አንዱ ከሌላው በብዙ እጥፍ ከበለጠ፣ ያን ጊዜ ስልክ ደውላችሁ ብትቆጡ አንፈርድባችሁም።

ታዲያ መስመሩ ደህና ሆኖ ገጹ ለምን ይዘገያል? ዕቃው ወደብ ደርሷል፣ ጭነቱም ወርዷል፣ መጋዘኑ ግን ሞልቷል እንደማለት ነው። ገጽ ማለት የመጣ ፋይል ብቻ አይደለም። ብራውዘሩ ፋይሉን ተቀብሎ በኮምፒውተሩ ሜሞሪና ፕሮሰሰር ገጹን መገንባት አለበት። የተለመደውን የትራንዚተር ላፕቶፕ እንውሰድ፦ 4 ጊጋባይት ራም፣ የድሮው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ዊንዶውስ ራሱ ከራሙ ብዙውን ይወስዳል። በላዩ ላይ ጠዋት የተከፈተው ዋትስአፕ፣ የመርከብ መከታተያው ካርታ፣ የጉምሩኩ ገጽ፣ ሁለት ኢሜይል፣ ባንኩ፣ የቻይናው አቅራቢ ሃያ የዕቃ ገጽ፣ ከጀርባ ደግሞ የልጆቹ ቪዲዮ። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ማውጣትና መመለስ ይጀምራል፤ ዲስኩ ደግሞ ከራም እጅግ የዘገየ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቀድሞ ወደተከፈተ ታብ ስትመለሱ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆማል፣ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይርገበገባል፣ ሌላው ፕሮግራምም አብሮ ይተኛል።

ማን እንደሚበላው ለማየት ክሮም ላይ Maj ን (የሺፍቱን ቁልፍ) ይዛችሁ Échap ን ንኩ። ክሮም የራሱን የሥራ ዝርዝር ያወጣል፤ እያንዳንዱ ታብና እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ስንት ሜሞሪ፣ ስንት ፕሮሰሰርና ስንት ኔትወርክ እንደሚወስድ ለየብቻ ያሳያል። የሜሞሪውን ዓምድ ስትነኩት ከትልቁ ጀምሮ ይደረደራል። የኔትወርኩ ዓምድ ዜሮ ሆኖ ሜሞሪውና ፕሮሰሰሩ ከፍ ካለ፣ ጉዳዩ ከኮኔክሽን ጋር አይገናኝም። ለታብ ብዛት መድኃኒቱ ክሮም ውስጥ አለ፦ chrome://settings/performance ብላችሁ ስትገቡ የሜሞሪ ቆጣቢውን ታገኛላችሁ፤ ለጊዜው የማትመለከቱትን ታብ ያስተኛል።

ለዚህ ሥራ ሌላ ነገር ከውጭ አታምጡ። ምክንያት አለን። «ዘ ግሬት ሰስፔንደር» የሚባል ታብ የሚያስተኛ ነጻ ኤክስቴንሽን ነበር፤ ብዙ ሕዝብ ለዓመታት በደህና ተጠቅሞበታል። በ2020 እ.ኤ.አ. የሠራው ሰው ማንነቱ በይፋ ላልታወቀ አካል አስተላለፈው። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ጎግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከመደብሩ አወጣው፣ ከተጠቃሚዎች ክሮም ላይም አጠፋው። ታብ ለማቅለል የተጫነው መሣሪያ ራሱ በሽታ ሆነ ማለት ነው። ተጠቃሚዎቹ ምንም አዲስ ነገር አልጫኑም፤ ኤክስቴንሽን ባለቤቱ ሲቀየር ማንም ሳይጠየቅ ራሱን ያድሳልና።

ኤክስቴንሽን ስትጭኑ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለ መረጃችሁን ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ሳናነብ እሺ የምንለው እሱን ነው። የፒዲኤፍ መቀየሪያውም፣ የዋጋ ማወዳደሪያውም፣ የቪዲዮ ማውረጃውም ይህን ፈቃድ ካገኙ በምትከፍቱት ገጽ ሁሉ የራሳቸውን ኮድ ያስገባሉ። መዘግየቱ ከዚህ ይመጣል፤ ከዚህም የባሰው የባንክ ገጻችሁን፣ የኢንቮይስና የቢል ኦፍ ሌዲንግ ቁጥራችሁን የማየት ዕድል ማግኘታቸው ነው። ለመፈተን Ctrl+Maj+N ንኩና በሚከፈተው የግል መስኮት ያንኑ ገጽ ሞክሩ። እናንተ ካልፈቀዳችሁ በስተቀር ኤክስቴንሽኖች እዚያ አይሠሩም። ገጹ እዚያ ፈጥኖ ከከፈተ ወደ chrome://extensions ሂዱ፣ ሁሉንም አጥፉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ጥፋተኛውን ያዙት።

አንዳንዱ ግን ቢወጣም ይመለሳል። ክሮም በጎግል አካውንት ስለሚያመሳስል፣ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ያለው ወደ ቢሮው ሊመጣ ይችላል፤ በዚያም በዚህም ማጥፋት ነው። ድርጅታችሁ ምንም የኮምፒውተር ክፍል ሳይኖረው የክሮም ሜኑ ሥር Géré par votre organisation የሚል ከታየ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አንድ ፕሮግራም ከክሮም ውጭ ሆኖ ትእዛዝ እየሰጠው ሊሆን ይችላል (አንዳንድ አንቲቫይረስም ይህን ጽሑፍ ያመጣል)። የፍለጋ ገጻችሁ ያለ ፈቃዳችሁ ከተቀየረ ጥርጣሬው ይበረታል። ያን ጊዜ በዊንዶውስ ዲፌንደር የኦፍላይን ፍተሻ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሳይጀምር ይመረምራል። የይለፍ ቃል የምትቀይሩት ከሌላ ንጹሕ ማሽን ነው፤ በታመመው ላይ መቀየር አዲሱን ቁልፍ ለሌባው እንደመስጠት ነው።

«ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ ሠራተኛውም ልጆቹም ይነኩታል፣ የፒዲኤፉ ነገር ደግሞ ያስፈልገናል» የሚሉን አሉ። ልክ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ማሽን መግዛት አይቻልም። ስለዚህ የምንሟገትለት ነገር ትንሽ ነው፦ እያንዳንዱ ቢሮ ክሮም ላይ ሁለተኛ ፕሮፋይል ይክፈት፣ ስሙንም «ባንክና ጉምሩክ» ይበለው። ኤክስቴንሽን የሚጫነው በየፕሮፋይሉ ስለሆነ አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ አይሠራም። በዚያ ፕሮፋይል ምንም ኤክስቴንሽን አይገባ፣ የማንም የግል ጎግል አካውንት አይገናኝበት፣ ከአምስት ታብ በላይም አይከፈትበት። ማሽኑን ከያዘ ቫይረስ ይህ አያድንም፤ ከሚሰልል ኤክስቴንሽንና ከታብ ጋጋታ ግን ያድናል። ጥቅል ለመጨመር ያሰባችሁት ገንዘብ ካለ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ራም አስጨምሩበት፣ ወይም የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስኤስዲ አስቀይሩበት፤ ወጪው የአንድ ጊዜ ነው፣ ጥቅሉ ግን በየወሩ ይከፈላል።