ቁጥሩ ጥያቄውን አላነበበውም

ከፈተና በኋላ የምንሞላው ቅጽ አራት ዓምድ አለው፦ ተራ ቁጥር፣ የቅለት መጠን፣ የመለየት አቅም፣ ውሳኔ። ውሳኔ በሚለው ሥር ከሦስት ቃላት አንዱን እንጽፋለን፤ ይያዝ፣ ይሻሻል ወይም ይጣል። ጥያቄው ራሱ የሚጻፍበት ቦታ የለም። የተሳሳቱት ተማሪዎች የትኛውን አማራጭ እንደመረጡ የሚሞላበት ቦታም የለም። የመለየት አቅሙ ከ0.20 በታች የሆነ ጥያቄ ይጣላል፣ አለቀ። ይህ አሠራር መምህሩ ከተማሪዎቹ የተሰጠውን መልእክት ሳይከፍት እንዲቀድ ያደርገዋል፤ ስለዚህ እቃወመዋለሁ።

አይተም አናሊስስ ራሱን አልቃወምም። ያለ እሱ ማስተማር አልፈልግም። ሁለቱ ቁጥሮች ቀላል ናቸው። የቅለት መጠን ማለት ከተፈተኑት ውስጥ ምን ያህሉ እንደመለሱት ነው፤ ከ60 ተማሪ 45ቱ ካገኙት 0.75 ይሆናል። ለመለየት አቅም ደግሞ የታረሙትን ወረቀቶች በጠቅላላ ውጤት ቅደም ተከተል እንደረድርና ከላይና ከታች 27 በመቶውን እንወስዳለን። 27 የሚለው ቁጥር የመጣው ትሩማን ኬሊ በ1939 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጥናት ነው። ለ60 ተማሪ 16 ከላይ፣ 16 ከታች ማለት ነው። ከላይ ካሉት ጥያቄውን ካገኙት ላይ ከታች ካሉት ያገኙትን ቀንሰን ለ16 እናካፍላለን። ጎበዞቹ አግኝተውት ደካሞቹ ከሳቱት ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ነገሩ ከተገለበጠ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ከዜሮ በታች የወረደ ጥያቄ ላይ ሁላችንም እንስማማለን፤ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ምን እንደተበላሸ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ባለፈው ለ8ኛ ክፍል ባወጣሁት የሳይንስ ፈተና ሁለት ጥያቄዎች ከዜሮ በታች ወረዱብኝ፤ ቅጹ ሁለቱንም «ይጣል» አለ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ የ32ቱን ወረቀት ምርጫ አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሚከተሉት ውስጥ ሙቀትን በደንብ የማያስተላልፈው የቱ ነው?» ይላል። አማራጮቹ ብረት፣ መዳብ፣ እንጨት፣ አየር ናቸው። መልስ ብዬ የያዝኩት እንጨትን ነበር። ከ60ው 33ቱ አግኝተውታል፤ የቅለት መጠኑ 0.55 ነው፣ ማንም የማይጠረጥረው ቁጥር። ከላይኛው ቡድን ግን 8ቱ እንጨትን፣ 8ቱ አየርን መርጠዋል። ከታችኛው ቡድን 9ኙ እንጨት፣ 3ቱ መዳብ፣ 2ቱ ብረት፣ 2ቱ አየር ብለዋል። ጎበዞቹ እኩል ለሁለት ተከፍለው ሁለቱን ብረታ ብረቶች አንዳቸውም አልነኩም። እንዲህ ያለ አከፋፈል ሲታይ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሁለት መልስ አለው ማለት ነው። አየርም ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፤ ብርድ ልብስ የሚያሞቀን በውስጡ በያዘው አየር ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ቅጹ እንዳለው ጥያቄውን ብጥለው ኖሮ፣ አየር ብሎ በትክክል ያሰበውም መዳብ ብሎ ገና ያልገባውም ተማሪ እኩል ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም መልስ ተቀብዬ ወረቀቶቹን እንደገና አረምኩ። አየርን መርጠው ለነበሩ 19 ተማሪዎች አንድ አንድ ማርክ ተመለሰላቸው። በአዲሱ እርማት ከላይኛው ቡድን 16ቱም፣ ከታችኛው 11ዱ አገኙት፤ የመለየት አቅሙ ከ0.06 ኔጌቲቭ ወደ 0.31 ወጣ። ጥያቄው ላይ አንድ ቃል አልተነካም። የተበላሸው የመልሱ ቁልፍ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት አየር የሚለውን አውጥቼ አሉሚኒየም አስገብቻለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ አስጨንቆኛል። «ዕፅዋት የሚተነፍሱት መቼ ነው?» ይላል፤ ሀ. ቀን ብቻ፣ ለ. ሌሊት ብቻ፣ ሐ. ቀንም ሌሊትም፣ መ. ሲያብቡ ብቻ። መልሱ ‹ሐ› ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ከ60ው 21 ብቻ አገኙት፣ 0.35። ከላይኛው ቡድን 4፣ ከታችኛው 7 ስላገኙት የመለየት አቅሙ ወደ 0.19 ኔጌቲቭ ይወርዳል። በቅጹ ዓይን ከመጀመሪያው ጥያቄ የባሰ ነው። ምርጫውን ስቆጥር ከላይኛው ቡድን 11ዱ ‹ለ› ላይ ተከማችተዋል። የታችኛው ቡድን ግን በአራቱም አማራጮች ላይ ተበታትኗል፤ ‹ሀ› 3፣ ‹ለ› 4፣ ‹ሐ› 7፣ ‹መ› 2።

መበታተን ግምት ነው። የማያውቅ ልጅ ይሞክራል፤ አራት አማራጭ ባለበት ጥያቄ ከአራት አንዱ በዕድል ይገኛል። የጎበዞች በአንድ የተሳሳተ መልስ ላይ መከማቸት ግን ግምት ሊሆን አይችልም። ተምረውት ነው። አንዷን ጎበዝ ተማሪዬን ጠርቼ ለምን ‹ለ›ን እንደመረጠች ጠየቅኳት። ደብተሯን ከፍታ አሳየችኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ ያጻፉን ነው» አለች። በቀይ እስክሪብቶ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ዕፅዋት በቀን ምግብ ያዘጋጃሉ፣ በሌሊት ይተነፍሳሉ።

ሰሌዳ ላይ ለማሳጠር ብዬ የጻፍኩት ነው። ልል የፈለግኩት፣ ዕፅዋት ሁልጊዜ ይተነፍሳሉ፣ በቀን ግን ምግብ ሲያዘጋጁ የሚያወጡት ኦክስጅን ስለሚበዛ መተንፈሳቸው አይታይም ነበር። ደብተራቸውን በደንብ የሚጽፉና የሚያጠኑ ልጆች ያልኩትን እንዳለ ያዙት። ያላጠኑት ደግሞ ገምተው አንዳንዶቹ አገኙት። ጥያቄው ያለ እንከን ሠርቷል፤ ያጠኑትን ልጆች የጎዳው ትምህርቱ ነው። «ይጣል» የሚለውን ቃል ጽፌ ብፈርም ኖሮ ስህተቴን የነገረኝን ብቸኛ ምስክር አስወጥቼ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ 60 ልጅ አጽፍ ነበር። ሁለት ጥያቄ፣ ሁለቱም ከዜሮ በታች። አንዱ መልሱ እንዲታረም፣ ሌላው መምህሩ እንዲታረም የሚጠይቅ። ይህን ልዩነት በቅጹ ላይ የትኛው ዓምድ ይይዘዋል?

ስለ 0.20 መስመርም መናገር አለብኝ። መነሻው የመለኪያ ሊቁ ሮበርት ኢበል ለመምህራን ያቀረበው መመሪያ ነው፤ 0.40 እና ከዚያ በላይ በጣም ጥሩ፣ ከ0.20 በታች ደካማ የሚለው። እኛ ጋ ሲደርስ ሕግ ሆነ። እስቲ ከ60 ተማሪ 57ቱ የመለሱትን ጥያቄ እንውሰድ። የተሳሳቱት 3 ናቸው። ሦስቱም ታችኛው ቡድን ውስጥ ቢሆኑ እንኳ፣ ማለትም ጥያቄው ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ ቢሠራ፣ ልዩነቱ 3 ለ16፣ 0.19 ነው። መስመሩን ማለፍ በሒሳብ አይቻልም። ውኃ አፍልቶ መጠጣት ከበሽታ እንደሚከላከል ጠይቄ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ቢመልስልኝ፣ ቅጹ ይህን ጥያቄ ደካማ ብሎ ያስጥለኛል። እኔ ግን ያንን ጥያቄ ያወጣሁት ሁሉም እንዲያውቀው ስለምፈልግ ነው። በዚህ አሠራር ለጥቂት ዓመታት ከሄድን የፈተና ባንካችን ውስጥ ሁሉም ልጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አንድ በአንድ ይወጣና የሚቀረው ልጆችን የሚያበላልጥ ብቻ ይሆናል።

በ16 ሰው ቡድን ደግሞ አንድ ልጅ መልሱን ቢቀይር ቁጥሩ በ0.06 ይንቀሳቀሳል። 0.19 «ይጣል»፣ 0.25 «ይሻሻል» ሲባል በመካከላቸው ያለው አንድ ተማሪ ነው፤ ምናልባት ያን ቀን ራሱን ያመመው። ስለዚህ በአንድ ሴክሽን ውጤት ብቻ የጥያቄ ዕጣ አልወስንም። የሁለት ሦስት ሴክሽን ወረቀት ሲደመር ቁጥሩ መርጋት ይጀምራል።

ከፍ ያለ ቁጥርም እንዲሁ መነበብ አለበት። በዚያው ፈተና «ከሚከተሉት ውስጥ የወንዝ ውኃን የማይበክል ያልሆነው የቱ ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ከላይ 13፣ ከታች 4 አገኙት፤ 0.56፣ «ይያዝ»። ጥያቄው ግን ድርብ አሉታ አለበት። ከታችኛው ቡድን ከሳቱት መካከል አራት ልጆችን ለብቻቸው «ወንዝን የሚበክለው የቱ ነው?» ብዬ በቃል ስጠይቃቸው አራቱም መለሱ። ጥያቄዬ የለየው ስለ ብክለት የሚያውቁትንና የማያውቁትን ሳይሆን የተጠማዘዘ ዓረፍተ ነገር መፍታት የሚችሉትንና የማይችሉትን ነው። ላይኛው ቡድን የተመረጠውም በዚሁ ፈተና ጠቅላላ ውጤት ስለሆነ፣ ፈተናው በሙሉ የንባብ ፈተና ከሆነ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ እንጂ ስህተቱን አያጋልጡም።

ባልደረቦቼ የሚያነሱት ተቃውሞ ጊዜ ነው፤ እውነታቸውን ነው። አምስት ሴክሽን የያዘ መምህር 300 ወረቀት አርሞ፣ ማርክ ሊስት ሞልቶ፣ የእያንዳንዱን ጥያቄ ምርጫ ቁጠር ሲባል ቢያዝን አይገርመኝም። ግን አሁን ጊዜውን እየበላው ያለው ቅጹ ነው፤ 30 ጥያቄ ካለ ለሠላሳውም ሁለት ሁለት ቁጥር አስልተን እንሞላለን። እኔ የማደርገው የላይኛውንና የታችኛውን ቡድን ወረቀት ብቻ ይዤ፣ ልዩነቱ ከዜሮ በታች የሆነውን፣ ከተጠበቀው በጣም የከበደውንና ከጎበዞቹ ብዙዎቹ አንድ የተሳሳተ አማራጭ ላይ የተሰበሰቡበትን መለየት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አራት ጥያቄ አይበልጡም። ለእነሱ ብቻ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መን በዝርዝር እቆጥራለሁ፤ ጥያቄውን ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ ካልገባኝ አንድ ልጅ እጠራለሁ። ለቀሩት 26 ጥያቄዎች ቁጥር መሙላት ቢቀር የሚጎዳ ልጅ የለም።

የጥያቄ ማስቀመጫዬ ላይ በእያንዳንዱ የተፈተሸ ጥያቄ ጎን ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ የሁለቱን ቡድን ምርጫ እንዳለ፣ ምን እንዳገኘሁና ምን እንደቀየርኩ። በዕፅዋቱ ጥያቄ ጎን «ጥያቄው አልተነካም፣ ትምህርቱ ታርሟል» ይላል።

ፈተናውን በመለስኩበት ቀን ክፍል ገብቼ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ እንደገና ጻፍኩትና ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ደብተራችን ላይ ያለውንስ እንሰርዘው?» አለ። ሰርዙት አልኳቸው። ቀይ ሳጥን የሠራችው ልጅ ማስመሪያ አውጥታ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ስታሰምር አየኋት።