ወረቀቱ ይታረማል ወይስ ልጁ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚሠራና በማሽን የሚታረም ነው። ማሽን ደግሞ ስም አያውቅም፣ አይደክመውም። ድርሰት ግን እዚያ የለም። የሚጻፈው በክፍል ፈተና ነው፣ የሚያርመውም ማታ ቤቱ ወረቀት ከምሮ የተቀመጠ መምህር ነው። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ፣ የልጁን ደረጃ ከሚወስኑት ማርኮች ውስጥ ይሄም አለበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊዮት የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1912 እና በ1913 እ.ኤ.አ. አንድን የተማሪ ወረቀት አባዝተው ለብዙ መምህራን ላኩ። መልሱ ቁርጥ ነው በሚባለው በጂኦሜትሪ ወረቀት ላይ እንኳ የተሰጠው ማርክ ከ28 እስከ 95 ተራራቀ። ጂኦሜትሪ እንዲህ ከሆነ ድርሰትማ እንዴት ይሆን?

አንደኛው አሳሳች የእጅ ጽሑፍ ነው። ይሄ ጉዳይ አዳማ ላይ ለየት ያለ መልክ አለው። አንዱ ልጅ ስምንት ዓመት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ሲጽፍ ኖሮ ዘጠነኛ ክፍል ይገባል። ጎረቤቱ በአማርኛ፣ በፊደል ተምሮ መጥቷል። ሁለቱ እንግሊዝኛ ድርሰት ሲጽፉ የመጀመሪያው እጅ የላቲን ፊደልን ለምዶታል፤ ሁለተኛው ያን ያህል አልጻፈበትም። አማርኛ ድርሰት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ "ጽሑፉ ያምራል" ብለን የምንጨምራት ነጥብ ብዙ ጊዜ የምትለካው ሐሳብን ሳይሆን ልጁ በየትኛው ፊደል እንዳደገ ነው።

ሁለተኛው ስም ነው። ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣው ልጅ አንቀጿ ግራ ቢያጋባ "ልትል የፈለገችው ገብቶኛል" ተብሎ ይታለፋል። ኋላ የሚቀመጠው ረባሽ ያንኑ ቢጽፍ "ምን እንደሚል አይታወቅም" ይባላል፣ በቀይ ይሰመርበታል።

ሦስተኛው የክምሩ ተራ ነው። እንበልና መካከለኛ የሆነች፣ ከ10 7 የሚገባት ወረቀት አለች። ከሦስት ጎበዞች ቀጥላ ስትመጣ 6 ታገኛለች፤ ከሦስት ደካሞች ቀጥላ ብትመጣ 8። ወረቀቷ ያው ናት፣ የተለወጠው ጎረቤቷ ነው። ሲመሽ ደግሞ ድካም ይጨመርበታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ስም ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፍ፣ ፊት ለፊት ቁጥር ብቻ ይሁን። ይሄ ብቻውን አይበቃም፤ ዓመቱን ሙሉ ደብተር ያረመ መምህር ጽሑፉን አይቶ ባለቤቱን ያውቀዋል። ስለዚህ ያንኑ ክፍል የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ሴክሽን ተለዋውጠው ቢያርሙ ይሻላል።

ቀጥሎ ማርኩ ከእርማት በፊት ይከፋፈል፦ ለሐሳብ 4፣ ለአደረጃጀት 3፣ ለቋንቋ 3። ለእጅ ጽሑፍ ነጥብ ካለ ተማሪው አስቀድሞ ይወቀው፤ ከሌለ ደግሞ በስውር አይቆረጥ። ጭራሽ የማይነበብ ወረቀት ከመጣ ዜሮ ከመስጠት ልጁን ጠርቶ ማስነበብ ይቻላል፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር።

ሦስተኛ፣ ሁለት ጥያቄ ካለ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ጨርሶ፣ ክምሩን በውዞ ወደ ሁለተኛው መሄድ ነው። አንድ ድርሰት ብቻ ከሆነ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወረቀቶች መልሶ ማየት ያስፈልጋል። ማርኩ በሌላ ወረቀት ተይዞ ከቆየ የድሮው ቁጥር ዓይን አይስብም። አምስቱም አሁን ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ መስፈሪያው መንገድ ላይ ተንሸራቷል ማለት ነው።

"ጊዜ የት አለ?" ይባላል፣ እውነት ነው። አራት ሴክሽን በ65 ተማሪ 260 ወረቀት ነው፤ ለአንዱ 4 ደቂቃ ቢሰጥ ከ17 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሁሉንም ሁለቴ ይታረም ማለት ቀልድ ነው። ከየሴክሽኑ 10 ወረቀት አውጥቶ፣ የመጀመሪያውን ማርክ ሳያሳዩ ለባልደረባ መስጠት ግን 40 ወረቀት፣ ሦስት ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ሁለቱ መምህራን ከ10 ውስጥ ከ2 ነጥብ በላይ የሚለያዩባቸው ከበዙ፣ ማርኩ ሮስተር ላይ ከመግባቱ በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር ይገባል።

ይሄ ሁሉ አድልዎን ጨርሶ አያጠፋም። ሁለት ሰዎች አንድ ላይ በሚያምር ጽሑፍ ሊታለሉ ይችላሉ። ቢያንስ ግን የክምሩን ተራና የልጁን ስም ከሒሳቡ ያወጣል። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ይህንን ከሚቀጥለው የሴሚስተር ፈተና ጀምሮ ማስያዝ ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትና የሦስት ሰዓት ስምምነት ነው።