የአሥራ ሁለት ሳምንቱ ሰሌዳ

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ዛሬ ስለ ጥናት ሰሌዳ እናውጋ። ሰሌዳ የሚሠራው ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። ፈተናው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከዋለ፣ አሥራ ሁለት ሳምንቱ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይጀምራል። ፋሲካ በመሃል ከገባ የበዓሉን ቀናት ባዶ ተዉአቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት የምርመራ ነው። ጉደር ያለችው የእህቴ ልጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በሰዓት ሠራች፤ እንግሊዝኛ 58፣ ሂሳብ 31፣ አፕቲትዩድ 52፣ ፊዚክስ 34፣ ኬሚስትሪ 47፣ ባዮሎጂ 63 አገኘች። ድምሩ ከ600 ውስጥ 285 ነው፤ ግማሹን ለማለፍ 15 ይጎድላታል።

ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት በሳምንት 14 ክፍለ ጊዜ አላት፤ ማታ ማታ ሁለት፣ ቅዳሜ አራት። እያንዳንዱ 50 ደቂቃ ነው። ለሂሳብና ለፊዚክስ አራት አራት፣ ለኬሚስትሪ ሦስት፣ ለቀሩት አንድ አንድ ሰጠናቸው። ልጆች የሚወዱትን ትምህርት ማጥናት ይቀናቸዋል፤ ነጥቡ የሚገኘው ግን ከደከሙበት ነው። ቤት ተከራይቶ የሚማርና ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ገጠር የሚሄድ ልጅ፣ የቅዳሜውን ወደ እሑድ ከሰዓት ያዛውረው።

ክትባት ስንሰጥ ለሕፃኑ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንቱ እንደግምለት ነበር። ጥናትም እንደዚያው በየመሃሉ ጊዜ እየተሰጠው ይደገማል፤ በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከሦስት ሳምንት በኋላ። ድጋሚው ግን ደብተር ገልጦ ማንበብ አይደለም፤ ደብተሩን ዘግቶ የሚያስታውሱትን በወረቀት ማስፈር ነው። ደጋግሞ ያነበበ ልጅ ገጹ ዓይኑን ስለለመደው ብቻ ያወቀ ይመስለዋል። ይህን እናንተም መለየት ትችላላችሁ። ደብተሩን ተቀበሉና የምዕራፉን ርዕስ ብቻ አንብቡለት። ካስረዳችሁ ገብቶታል፤ «አውቀዋለሁ ግን…» ብሎ ከቆመ ወደ ሰሌዳው ይመለስ።

ከዘጠነኛው እስከ አሥራ አንደኛው ሳምንት ሙሉ ፈተና በሰዓት ይሠራል፤ የሚቻል ከሆነ ጠዋት። ከየስህተቱ አጠገብ «አላውቀውም» ወይም «ቸኩዬ ነው» ተብሎ ይጻፍ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ያስገልጣል፤ ሁለተኛው መድኃኒቱ ሰዓት ይዞ መለማመድ ነው። ጨርሶ ያልተማረው ምዕራፍ ካለ ሰሌዳው ብቻውን አያድነውም፤ መምህሩን ይጠይቅ።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አዲስ ነገር አይጀመርም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ አብዛኞቹ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የሚፈተኑት፤ በማያውቁት አልጋ ያድራሉ። ስለዚህ ከቤት ሳይወጣ ማታ በሦስት ሰዓት ተኝቶ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል መነሳትን ይልመድ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ካደረ የቀን ጥናቱም አይያዝለትም፤ መብራቱን አጥፉበት።

ቸር ይግጠመን።