ገነፈለ ማለት ፈላ ማለት አይደለም

ዛሬ የምንጽፈው ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል። ግን ዝም ብንል ደግሞ ነገ ልጅ ታሞ ስናይ እኛው እንጸጸታለን። ስለ ወተት ነው። ከጎረቤት ስለሚገዛው፣ በኮላ ፕላስቲክ ተሞልቶ ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ፋብሪካው በር ላይ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፈው ትኩስ የላም ወተት።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንነጋገር። ጥሬ ወተት አትግዙ የሚል ወረቀት በዕብራይስጥ ጽፎ በር ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ወረቀቱ እውነቱን ነው፤ ከሱቅ የሚገዛው ወተት ከፋብሪካው ሲወጣ በሙቀት ታክሞ ነው፣ የጎረቤቱ ግን አልታከመም። ነገር ግን ወረቀቱን የጻፈው ሰው ለምን እንደምትገዙ አልጠየቃችሁም። የሱቁ ወተት ቅቤ አይወጣውም፣ እርጎው የአገር ቤት እርጎ አይሆንም፣ ሽታውም ሌላ ነው። ይህን እኛም እናውቃለን፤ በልጅነታችን ብንመጣም ምላሳችን አልረሳውም። ስለዚህ አትግዙ ብለን አንተዋችሁም። የገዛችሁ እንደሆነ እንዴት እንደምታፈሉትና እንዴት እንደምታቀዘቅዙት እንነግራችኋለን። የምንጣላው ግን "እኛ ጎንደር ጥሬውን ጠጥተን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?" ከሚለው ንግግር ጋር ነው።

ምን ሆንን? አገር ቤት ላሟ የራሳችን ነበረች። ወተቱም ታልቦ ብዙም ሳይቆይ ይጠጣ ነበር። ያም ሆኖ ሳምንታት የሚቆይ፣ ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት በመንደራችን አልነበረም ወይ? ንዳድ አልን፣ ወባ አልን፣ ምች አልን። ወተቱን ማንም አልጠረጠረም፤ መርማሪም አልነበረም። የምናስታውሰው የተረፉትን ነው፤ ያልተረፉት መጥተው ሊመሰክሩ አይችሉም።

"ላሟ ጤነኛ ናት፣ አይቻታለሁ" የሚለውም አያዋጣም። ማልታ በምትባል ደሴት የእንግሊዝ ወታደሮች በማይገባቸው ትኩሳት ለዓመታት ይታመሙ ነበር። በፈረንጅ 1887 ዴቪድ ብሩስ የሚባል ሐኪም የትኩሳቱን ተህዋስ ለየ፤ ብሩሴላ የሚባለው ስሙ ከእሱ የመጣ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን አልታወቀም ነበር። በ1905 ነው ተሚስቶክልስ ዛሚት የተባለ የማልታ ሰው ከፍየሎቹ ወተት እንደሚመጣ ያሳየው። ፍየሎቹ ግን ሲታዩ ምንም አልሆኑም፤ ይበላሉ፣ ይታለባሉ፣ ወተታቸውም ነጭና ጣፋጭ ነው። ወታደሮቹ ያንን ወተት መጠጣት ሲያቆሙ በሽታውም ቀነሰላቸው። እዚህ እስራኤል ውስጥ ይኸው በሽታ በዋናነት ከበግና ከፍየል ይመጣል፤ ከበግና ከፍየል ጋር የምትውል ላምም ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ ዓይን ላሟን አይመረምርም።

አሁን ወደ ፋብሪካው በር እንሂድ። አንድ አባት አለ እንበል። ጎረቤቱ ጎህ ሲቀድ የታለበ ሦስት ሊትር ወተት ያመጣለታል። የጠዋቱ ሚሽመሬት ሊገባ ሲል መኪና ማቆሚያው ላይ ይቀበለዋል። ወተቱ መኪና ውስጥ ይቀራል፤ እሱ ስምንት ሰዓት ሠርቶ ይወጣል። ወሩ ሐምሌ ነው። ማታ ወተቱ ይፈላል፣ ልጆቹም ይጠጣሉ። "አፍልተናል እኮ" ይላል። እውነት ነው፣ አፍልተዋል። ግን ያ ወተት ከመፍላቱ በፊት አልቋል።

ለምን? በሙቀት ውስጥ ጀርም በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል ብንል፣ በስምንት ሰዓት አሥራ ስድስት ጊዜ ይታጠፋል። አንዷ ጀርም ከ65 ሺህ በላይ ትሆናለች ማለት ነው። ከአላቢው እጅ ወይም ከታመመ ግት የሚገባ አንድ ዓይነት ጀርም ደግሞ ሲበዛ ወተቱ ውስጥ መርዝ ይተዋል። እሳት ጀርሙን ይገድላል፤ መርዙን ግን አያጠፋውም። ልጁ በጠጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቢያስመልሰው ይህ ሊሆን ይችላል። ማፍላት የተበላሸን ወተት አያድስም፤ ያልተበላሸውን ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ ሥራው ከምድጃው በፊት ይጀምራል። ወተቱን የምትቀበሉት ወደ ቤት ስትመለሱ ይሁን፤ ጎረቤታችሁ እስከዚያ በመቃሬር ያቆይላችሁ። በመንገድ ላይ በረዶ ባለበት ሳጥን ይያዝ። መኪና ውስጥ ውሎ ከሆነ ገንዘቡ ይቅር፣ ድፉት። ሲፈላ ተበጣጥሶ እንደ አይብ ከተቋጠረም ኮምጥጧል ማለት ነው፤ ለሕፃን አትስጡት፣ ድፉት። ሳይቋጠር ቀረ ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

አሁን ማፍላቱ። ብዙ እናቶቻችን ወተቱ ተነስቶ የድስቱን ከንፈር ሲነካ እሳቱን ያጠፋሉ። ገነፈለ፣ ፈላ ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። የሚነሳው አረፋ ነው። ላዩን የጋረደው ስልባቦት እንፋሎቱን ስለሚያፍነው፣ ወተቱ በደንብ ሳይፈላ ይነሳል። አረፋው ራሱ ደግሞ ከሥሩ ካለው ወተት ቀዝቀዝ ያለ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ወተቱን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ድስቱን ከግማሽ ብዙ አትሙሉት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ እንዳያርር ከሥር ከሥር አማስሉት። ሊገነፍል ሲል እሳቱን ቀንሱ፣ ስልባቦቱን በማማሰያ በትኑት፣ ግን አታጥፉ። ከመሃል ጀምሮ ተንተክትኮ ሲፈላ ካያችሁ በኋላ እያማሰላችሁ ሌላ ሁለት ደቂቃ አቆዩት። በቃ። ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ አያስፈልግም።

"ሲፈላ ጥቅሙ ይጠፋል" የሚሉ አሉ። ካልሲየሙ አይጠፋም፣ ቅቤውም አይጠፋም፣ ሥጋ የሚገነባው ክፍሉም ይቀራል። የሚቀንሰው ከቪታሚኑ ጥቂቱ ነው፤ እሱን ከአትክልትና ከሌላ ምግብ ታገኙታላችሁ። ፋብሪካው ወተት የሚያክመው በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ነው። ጎንደር ከፍታ ስለሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ቂርያት ጋት ወደ 100 ይጠጋል። በሁለቱም ቦታ በደንብ የፈላ ወተት ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የአገሩ ዲግሪ አይደለም፤ ሳይፈላ ፈላ ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ማታ ነው የሚሠራው። ወተቱ ፈልቶ ተከድኖ ምድጃው ላይ ያድራል፤ "ጠዋት ቀዝቅዞ እናገኘዋለን" ይባላል። እሳት የማይገድላቸው፣ እንደ ዘር ተሸፍነው የሚቆዩ ጀርሞች አሉ። ወተቱ ለብ ሲል ይበቅላሉ። ሦስት ሊትር ድስት በክዳኑ ተዘግቶ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፤ ለእነሱ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

ስለዚህ ድስቱን ከነወተቱ የማጠቢያው ገንዳ ውስጥ አስቀምጡና ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበት፤ ውሃው ወደ ድስቱ እንዳይገባ ግማሽ ድረስ ይብቃ። በንጹሕ ጭልፋ አማስሉ። ውሃው ሲሞቅ ቀይሩት፣ በመጨረሻው ውሃ በረዶ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ከዚያ በትንንሽ ዕቃ ከፍላችሁ ወደ መቃሬር አስገቡ፤ መቃሬሩ ወደ 4 ዲግሪ ይሁን። በሁለት ቀን ውስጥ ጨርሱት። የሚፋጅ ድስት እንዳለ አታስገቡ፤ መሃሉ ቶሎ አይበርድም፣ አጠገቡ ያለውንም ምግብ ያሞቃል።

ዕቃውን ደግሞ እንዳትረሱ። የፈላውን ወተት ወደመጣበት የኮላ ፕላስቲክ መልሶ የሚሞላ አይተናል። ያ ማለት ያጠባችሁትን ልጅ መልሳችሁ ጭቃ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጥሬው የነካው ጠርሙስ፣ ጨርቅ፣ ጭልፋ የፈላውን አይንካ። "በወይራ አጥነነዋል" የምትሉን እናቶች፣ የወይራ ጢስ ቅሉን ያጣፍጣል፣ ወተቱንም ትንሽ ሊያቆየው ይችላል፤ ግን ውስጡ ያለውን በሽታ አይገድልም። እርጎም እንዲሁ ነው፤ መኮምጠጡን ብቻ አትመኑ። ወተቱን አፍሉ፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ እርጎ ጨምሩበት፣ ይረጋል። ጣዕሙ ትንሽ ይለያል፣ እውነት ነው። ልጁ ግን አይታመምም። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የላም ወተት ቢፈላም የእናቱን ጡት አይተካም፤ ይህን ጢፓት ሐላቭ ያሉት ነርሶችም ይነግሯችኋል።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን ነው። ብሩሴላ ብዙ ጊዜ በማግስቱ አያምም። ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ከዚያ ማታ ማታ ያልባል፣ ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ድካሙ አይለቅም። ሽማግሌው ኩፓት ሆሊም ሄዶ ወገቤን ይላል። ሐኪሙ የሥራ ነው፣ የዕድሜ ነው ብሎ ኪኒን ይሰጣል። ወተቱን ማንም አላነሳም፤ አባታችንም ጎረቤቱን እንዳያስወቅስ ብሎ ዝም አለ። የደም ምርመራ አለ፣ ሳምንታት ቢፈጅም የሚያድን መድኃኒትም አለ። ግን ያልተነገረውን ማንም አይመረምርም።

ስለዚህ ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልን፣ ለሐኪሙ በሉት፦ "ሻቲቲ ሐላቭ ሎ ሜፉስታር"። ያልታከመ ወተት ጠጥቻለሁ ማለት ነው። ከሴት ደግሞ እርጉዝ ከሆነች ቶሎ ትበለው፤ ፅንሱን ሊያስወርዳት ይችላልና። ማንንም ማሳጣት አይደለም። ጎረቤት የሚወቀሰው ወተት በመሸጡ ሳይሆን፣ ታማችሁ እያየ ዝም ካለ ነው።

ዛሬ ማታ ወተት የምታፈሉ እናቶች፣ ሲነሳ እሳቱን እንዳታጠፉ። ቀንሱት፣ በትኑት፣ ይንተክተክ።