መጽሐፉን ከድኖ መተርጐም

ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ብዙ ጽሑፎቻችን አማርኛ ለብሰው በእንግሊዝኛ አረማመድ ይሄዳሉ። መድኃኒቱ፣ እንደ እኔ እምነት፣ መጽሐፉን መክደን ነው፦ አንቀጹን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ከድኖ፣ ሐሳቡን ለወዳጅ እንደሚያወጉት አድርጎ መጻፍ።

ዋናውን እያየ የሚተረጕም ሰው፣ ለምሳሌ፣ «የዝናቡ መዘግየት በአንዳንድ ገበሬዎች ዘንድ ከፍተኛ ስጋትን ፈጠረ» ይላል። ከድኖ የጻፈው ግን «ዝናቡ ቢዘገይ ገበሬው ሰጋ» ይላል። ዐይን ከገጹ ሲነሣ ስሞቹ ወደ ግሣቸው ይመለሳሉ፤ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ጕልበቱ ከማሠሪያ አንቀጹ ላይ ነውና።

ሆኖም ትዝታ ሌባ ነው። ታሪኩን ይጠብቅና «አንዳንድ»ን፣ «ከፍተኛ»ን፣ «ምናልባት»ን ይሰርቃል። ቀን ቀን የባንክ ሒሳብ የማመሳክር ሰው ነኝና፣ ሳይመሳከር የሚዘጋ መዝገብ አላምንም። ጽፈው ሲያበቁ መጽሐፉን ከፍቶ የጎደለውን መመለስ ግድ ነው፦ «ዝናቡ ቢዘገይ አንዳንዱ ገበሬ እጅግ ሰጋ»። የሚመለሰው ግን የጎደለው ፍሬ ነገር እንጂ የባዕዱ አሰካክ አይደለም።

ግጥምና ሕግ ከዚህ ይለያሉ። በእነርሱ ቃሉ ራሱ ሐሳብ ነውና፣ መጽሐፉ ተገልጦ ይቆይ።